ከቢሮ ውጭ መልእክትን መገምገም፦ የመመለሻ ቀንና ተወካይ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ፈቃድ የሚወጣ ሠራተኛ ኢሜይሉ ላይ የሚተወው ራስ-ሰር ምላሽ ሁለት ነገር እንዲናገር ይጠበቅበታል፤ ሠራተኛው መቼ እንደሚመለስ፣ እስከዚያ ደግሞ ጉዳዩን ማን እንደሚይዘው። ጅማ ውስጥ ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፍ ቢሮ ይህን ሲጽፍ በሁለት የዘመን አቆጣጠርና በሁለት የሰዓት አቆጣጠር መካከል ነው የሚጽፈው። ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ከዚህ በታች ያሉት፣ ባልደረቦች ፈቃድ ከመውጣታቸው በፊት መልእክታቸውን አንብቤ አስተያየት እንድሰጥ ሲልኩልኝ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

የሰው መልእክት ስገመግም ከየት ልጀምር?

ከተቀባዩ ጀምሩ። አንድ ምሳሌ ወስደን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የጅማ ቅርንጫፍ የኤክስፖርት ሰነድ የምታዘጋጅ ባለሙያ አለች እንበል። ከሰኞ ጥር 4 እስከ ዓርብ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. የአምስት ቀን የዓመት ፈቃድ ወስዳለች። የጻፈችው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም፣ በአሁኑ ሰዓት ከቢሮ ውጭ ነኝ። እስከ 8/5 ፈቃድ ላይ ስለምሆን ኢሜይሌን በመደበኛነት አልመለከትም። አስቸኳይ ጉዳይ ካለዎት ባልደረቦቼን ያነጋግሩ። ለሚፈጠረው መጓተት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ቋንቋው ትሁት ነው፤ ስትጽፈውም ሁሉም ነገር የተሟላ መስሏታል። አሁን ይህን መልእክት ሐምቡርግ ላይ ሆኖ የጭነት ናሙና ማረጋገጫ የሚጠብቅ ቡና ገዢ ሆናችሁ አንብቡት። የምትመልሱት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፦ «መልስ የማገኘው በየትኛው ቀን ነው? እስከዚያ ለማን ልደውል?» ለሁለቱም ከመልእክቱ ውስጥ ጣታችሁን የምታሳርፉበት ቃል ካጣችሁ፣ መልእክቱ ገና አላለቀም። የፊደል ግድፈት፣ የሰላምታው አጻጻፍ፣ የይቅርታው ርዝመት ከዚያ በኋላ የሚታዩ ናቸው።

«እስከ ጥር 8 ፈቃድ ላይ ነኝ» ማለት ለምን አይበቃም?

«እስከ» የሚለው የፈቃዱን መጨረሻ እንጂ የሥራውን መጀመሪያ አይነግርም። አንባቢው በራሱ ግምት ያሰላል፦ ጥር 8 ዓርብ ከሆነ ቅዳሜ ትገኛለች? በጅማ ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠሩ የግል ድርጅቶች አሉ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በአብዛኛው አይሠሩም። የአገሩ ሰው እንኳ እርግጠኛ መሆን አይችልም። የውጭ አገሩ ሰው ደግሞ ቅዳሜንና እሑድን ዘልሎ ሰኞ መልስ ይጠብቃል።

ሰኞ ግን ጥር 11 ነው፤ ጥምቀት። ቢሮው ዝግ ነው። ባለሙያዋ በእርግጥ ኢሜይሏን የምትከፍተው ማክሰኞ ጥር 12 ነው። ፈቃዷ ያለቀው ዓርብ፣ መልስ የምትሰጠው ማክሰኞ፤ በመካከሉ ሦስት ቀን አለ፣ መልእክቱ ደግሞ ስለ ሦስቱም ዝም ብሏል። ገዢው ሰኞ ዕለት ሁለተኛ ኢሜይል ይልካል፤ ማክሰኞ ማለዳ ሦስተኛውን ለሥራ አስኪያጁ ግልባጭ አድርጎ ይልካል። ይህ ሁሉ የሚመጣው በአንድ «እስከ» ነው።

ስለዚህ ስትገመግሙ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጠህ ኢሜይል መመለስ የምትጀምርበት የመጀመሪያ ቀን የትኛው ነው?» የሚጻፈው እሱ ነው። «ማክሰኞ ጥር 12 ወደ ሥራ እመለሳለሁ» ሲባል የሚሰላ ነገር አይኖርም። የፈቃዱ መጨረሻ ቀን ጭራሽ ባይጠቀስ እንኳ የሚጎድል ነገር የለም።

ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር ልጻፍ?

ከአገር ውስጥም ከውጭም የሚጽፍላችሁ ሰው ካለ በሁለቱም፣ የወሩን ስም በፊደል፣ የዕለቱን ስም ጨምራችሁ ጻፉ።

«8/5» የሚለውን እንይ። ለጸሐፊዋ ጥር 8 ነው። ለጀርመኑ ገዢ ሜይ 8 ነው። ለአሜሪካዊ፣ እነርሱ ወሩን ስለሚያስቀድሙ፣ ኦገስት 5 ይሆናል። አንዱ ጽሑፍ በሦስት ሰዎች ዘንድ ሦስት ወር ሆነ። ዓመቱን ጨምራ «8/5/2018» ብትል ደግሞ ይብሳል፤ የውጭው አንባቢ ከዓመታት በፊት ተከፍቶ ሳይዘጋ የተረሳ መልእክት ይመስለውና ጭራሽ ችላ ይለዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጻፍ «ዓ.ም.» ማለት፣ በወር ቁጥር ፋንታ ደግሞ «ጥር» ማለት ይህን ሁሉ ይዘጋዋል።

ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የማገኘው ስህተት ግን ሌላ ነው። ሰው መልእክቱን በአማርኛ ይጽፍና ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው የወሩን ስም ብቻ ይለውጣል፤ ጥር 12 ጃንዋሪ 12 ሆኖ ይወጣል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 20 ነው። ጃንዋሪ 12 በምሳሌያችን ሰኞ ጥር 4፣ ማለትም ባለሙያዋ ፈቃድ የጀመረችበት ቀን ነው! ገዢው በወጣችበት ዕለት «ዛሬ እመለሳለሁ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አማጂ ለጥርም ለጃንዋሪም ሲውል ስለሚታይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መገለጽ አለበት።

የዕለት ስም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 12» ተብሎ ቢጻፍ ቀን መቁጠሪያ የከፈተ ሁሉ ጃንዋሪ 12 ሰኞ እንደሆነ ያያል፤ አንዱ እንደተሳሳተም ያውቃል። ያለ ዕለት ስም ግን ስህተቱ ራሱን አይገልጥም። እንደ ገምጋሚ ሁለት ቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ከፍታችሁ ዕለቱን አመሳክሩ። «ጥር ላይ 8 መጨመር ነው» በሚል ልማድ አትመኑ። በ2018 ዓ.ም. እውነት ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ግን ልዩነቱ 9 ይሆናል። ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 2020 ዓ.ም. ጃንዋሪ 21 ላይ ይውላል።

የምመለሰው ከኢድ ማግስት ነው። ቀኑ በጨረቃ የሚወሰን ከሆነስ?

የማይቀረውን ቀን ጻፉ። በዓሉ ሐሙስ ወይም ዓርብ ሊውል የሚችል ከሆነ፣ ሁለቱም ቢሆኑ ቢሮ የምትገቡበትን ሰኞ አስቀምጡ። «ከኢድ በኋላ እመለሳለሁ» ለጅማ ሰው ግልጽ ነው፤ ከበዓሉ ጋር ለማይተዋወቅ ደንበኛ ግን ቀን አይደለም። ፋሲካም እንዲሁ ነው፤ የእኛና የምዕራባውያኑ በአብዛኛው በተለያየ እሑድ ስለሚውል «ከፋሲካ በኋላ» ብሎ መጻፍ ሁለት ቀን መስጠት ነው።

«አስቸኳይ ጉዳይ ካለዎት ባልደረቦቼን ያነጋግሩ» ምን ይጎድለዋል?

ሰው ይጎድለዋል። የትኛዋን ባልደረባ? በየትኛው አድራሻ? ስለ ምን ጉዳይ? ተወካይ ሲጠቀስ ሙሉ ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ኢሜይልና ስልክ አብረው መኖር አለባቸው። እነዚህ ግን ለዓይን የሚታዩት ናቸው። የገምጋሚው ዋና ሥራ ከጽሑፉ ጀርባ ያለውን ማጣራት ነው፤ እዚያ የማጣራው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ተወካዩ ያውቃል? ስሙ በመልእክት ላይ መውጣቱን ከደንበኛ ስልክ የሚሰማ ባልደረባ አለ። ደንበኛው ስለ ኮንትራቱ ሲጠይቀው «እኔ አልያዝኩትም» ይላል፤ ሐሰት አልተናገረም። ስለዚህ መልእክቱን ከማጽደቄ በፊት ተወካዩን ራሱን እጠይቃለሁ። ፈቃድ የሚወጣው ሰው «ነግሬዋለሁ» ማለቱ ብቻ አይበቃኝም።

ሁለተኛ፣ ተወካዩ ራሱ በእነዚያ ቀናት ቢሮ አለ? በጥምቀት ሰሞን ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ፈቃድ ወስደው አንዱ ሌላውን የሚጠቁምበት ጊዜ ብዙ ነው። ደንበኛው ለመጀመሪያዋ ይጽፋል፣ ወደ ሁለተኛው ይመራል፣ የሁለተኛው ራስ-ሰር ምላሽ ወደ መጀመሪያዋ ይመልሰዋል። የክፍሉን የፈቃድ ሰሌዳ አምጥታችሁ ቀኖቹን ካላስተያያችሁ ይህን ከመልእክቱ ብቻ ማወቅ አይቻልም። በጥር ደግሞ ቡና በሚሰበሰብበትና በሚላክበት ወቅት ላይ ስለሆንን፣ ተወካዩ ፈቃድ ባይወጣም ሊሙ ወይም ጎማ ለመስክ ሥራ ሊሄድ ይችላል። ኔትወርክ በማይገኝበት የሚውል ሰው ተወካይ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ የመወሰን ሥልጣን አለው? የምሳሌያችን ባለሙያ የሎጂስቲክስ ባልደረባዋን ብትጠቅስ፣ እሱ ጭነቱ የት እንደደረሰ ሊናገር ይችላል። የሰነድ እርማት ላይ ግን መፈረም አይችልም። ያኔ ደንበኛው ስልክ ይነሣለታል፣ ጉዳዩ ግን አይፈጸምለትም። መፍትሔው ጉዳዩን መክፈል ነው፦ «ስለ ጭነት ለእገሌ፣ ስለ ሰነድና ፊርማ ለእገሊት»። ከሁለት ሰው በላይ ግን አትዘርዝሩ። ዝርዝሩ ሲረዝም አንባቢው ለሁሉም ይጽፋል፤ ሁሉም ሌላው እንደመለሰ ያስባሉ።

አራተኛ፣ ፋይሎቹን ያገኛል? የኮንትራቱ ቅጂ በባለሙያዋ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከሆነ ተወካይ መሰየም ስም መጥቀስ ብቻ ይሆናል። ይህ ከመልእክት ግምገማ የወጣ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የእሱ አካል ነው፤ ምክንያቱም መልእክቱ ለደንበኛው «እሱ ይረዳዎታል» የሚል ቃል እየገባ ነው።

ክፍላችሁ የጋራ የኢሜይል ሣጥን ካለው ከግለሰብ ይልቅ እሱን መጠቆም ይሻላል፤ ሰው ቢታመም እንኳ መልእክቱ የሚያየው አያጣም። ሣጥኑን በየቀኑ የሚከፍተው ማን እንደሆነ ግን በስም አረጋግጡ።

የተወካዩን ስልክና ሰዓት እንዴት ልጻፍ?

የጅማ መደበኛ ስልክ በ047 ይጀምራል። ለውጭ ሰው ሲጻፍ የፊቱ ዜሮ ይወድቅና +251 47 ይሆናል። የእጅ ስልክም እንዲሁ ነው፤ በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው ዜሮውን ጥሎ +251 9 ወይም +251 7 ይባላል። «+251 047» ወይም «+251 09» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ከውጭ ሲደወል አይሠራም። ጸሐፊው ከጅማ ስለማይደውልበት ስህተቱን አያየውም፤ ስለዚህ ስትገመግሙ ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ እያነበባችሁ ዜሮዋን ፈልጉ። የእጅ ስልክ የግል ከሆነ ደግሞ ለማንም ላኪ እንደሚደርስ ለባለቤቱ ነግራችሁ ፈቃዱን ጠይቁ።

ሰዓትም እንደ ቀኑ ነው። «ከ2:30 ጀምሮ» ለእኛ ጠዋት ነው፤ ለውጭው አንባቢ ወይ ሌሊት ነው ወይ ከምሳ በኋላ። ለእሱ 8:30 AM በሉት፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መሆኑንም ጥቀሱ። በብዙ የመንግሥት ቢሮዎች ዓርብ ዕለት የምሳ እረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሚረዝም፣ ተወካዩ በዚያ ሰዓት የማይገኝ ከሆነ አንድ ሐረግ መጨመር ደንበኛውን ከከንቱ ጥሪ ያድነዋል።

ታዲያ የባለሙያዋ መልእክት ሲታረም ምን ይመስላል?

«ማክሰኞ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ወደ ሥራ እመለሳለሁ። እስከዚያ ኢሜይል አልመለከትም። ስለ ጭነት ጉዳይ የሎጂስቲክስ ኃላፊውን አቶ እገሌን፣ ስለ ሰነድና ፊርማ የኤክስፖርት ክፍል ኃላፊዋን ወይዘሮ እገሊትን ያነጋግሩ። ሁለቱም ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ላይ ናቸው፤ ሰኞ ጥር 11 በጥምቀት በዓል ምክንያት ቢሮው ዝግ ነው። ሌሎች መልእክቶችን ከተመለስኩ በኋላ እስከ ሐሙስ ጥር 14 እመልሳለሁ።»

ከስሞቹ ሥር ኢሜይላቸውና ስልካቸው ይከተላል፤ ከዚያ የእንግሊዝኛው ቅጂ፣ ቀኑ Tuesday, 20 January 2026 ተብሎ። ቀኑ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መምጣቱን አስተውሉ፤ ስልክ ላይ ማሳወቂያ የሚያይ ሰው ከዚያ በላይ ላያነብ ይችላል። «በመደበኛነት አልመለከትም» የሚለው ወጥቷል፤ ደንበኛው «እንግዲያውስ አልፎ አልፎ ታያለች» ብሎ ለተወካዩ ሳይደውል እንዲጠብቅ ያደርገው ነበር። የፈቃዱ ምክንያትም አልተጻፈም፤ ለላኪው አያስፈልገውም።

ጽሑፉ ካማረ በኋላ ቅንብሩ ላይ ምን ልይ?

በጂሜይል Vacation responder ውስጥ First day እና Last day የሚባሉ ቀኖች አሉ። ምላሹ በመጨረሻው ቀን ሌሊት ያበቃል። ባለሙያዋ የፈቃዷን መጨረሻ፣ ዓርብ ጃንዋሪ 16ን ብታስገባ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በጥምቀት ዕለት የሚጽፍ ሰው ምንም ምላሽ አያገኝም። መግባት ያለበት ከመመለሻው በፊት ያለው ቀን፣ ጃንዋሪ 19 ነው።

በአውትሉክ ደግሞ Inside My Organization እና Outside My Organization የሚሉ ሁለት የተለያዩ ሣጥኖች አሉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሞልቶ ሁለተኛውን ባዶ ወይም የባለፈውን ዓመት ጽሑፍ እንደያዘ ይተወዋል። ውጤቱ የሥራ ባልደረቦች ሁሉን ያውቃሉ፣ ደንበኞች ምንም አያውቁም። ሁለቱንም ክፈቱና አንብቡ።

መልእክቱ ከወጣ በኋላ ስህተት ቢገኝስ? አውትሉክ ለአንድ ላኪ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ የተሳሳተው የደረሰው ሰው እርማቱን እንዲያገኝ ምላሹን አጥፍቶ እንደገና ማብራት ያስፈልጋል። ጂሜይል ለአንድ ሰው የሚመልሰው ቢበዛ በአራት ቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ጽሑፉ ሲስተካከል ግን ቆጠራው ከአዲስ ይጀምራል። በሁለቱም ቢሆን እርማቱ የሚደርሰው እንደገና ለጻፈ ሰው ብቻ ነው። ጉዳዩ ከባድ ከሆነ የደረሳቸውን ሰዎች በቀጥታ ጻፉላቸው።

የመመለሻ ቀኑን የማላውቅ ከሆነስ? ለምሳሌ በሐዘን ወይም በሕመም ድንገት ብወጣ?

ያኔ የመመለሻ ቀን አትፍጠሩ። በምትኩ የሚታወቅ ሌላ ቀን ስጡ፦ «የምመለስበት ቀን ገና አልታወቀም፤ ይህ መልእክት ዓርብ ጥር 8 ይታደሳል። እስከዚያ ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ የያዘችው ወይዘሮ እገሊት ናት።» ዓርብ ሲደርስ የሚያድሰው ሰው ግን መታወቅ አለበት፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እንዲያስታውስ አይጠበቅም። ድርጅቱ ማይክሮሶፍት 365 የሚጠቀም ከሆነ የሲስተም አስተዳዳሪው ባለቤቱ ባይኖርም ምላሹን ከራሱ ገጽ ማብራትና መለወጥ ይችላል፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው የቅርብ ኃላፊው ነው።

መልእክቱ በትክክል መሥራቱን እንዴት አረጋግጣለሁ?

ከድርጅቱ ውጭ ከሆነ አድራሻ፣ ከግል ጂሜይልም ቢሆን፣ ኢሜይል ይላክ፤ ከባልደረባ አድራሻ መሞከር የውስጡን ሣጥን ብቻ ነው የሚያሳየው። የመጣውን ምላሽ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለፋይናንስ ክፍል ባልደረባ አሳዩትና «መቼ መልሰህ ትጽፍ ነበር? ለማንስ ትደውል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። «ማክሰኞ» ብሎ ወዲያው ካልመለሰ ጽሑፉ ይታረም። ከዚያ የተጻፈውን ቁጥር ከመልእክቱ ላይ ገልብጣችሁ ደውሉ፤ ከማስታወሻችሁ አትደውሉ፣ የሚፈተነው የተጻፈው ነውና።

ከታቀደው ቀን ቀድሜ ብመለስ ወይም ብዘገይስ?

ቀድማችሁ ከተመለሳችሁ ወዲያው አጥፉት፤ ለተወካዩም ንገሩት፣ አለበለዚያ ሁለት ሰው ለአንድ ደንበኛ የተለያየ መልስ ይሰጣል። ከዘገያችሁ አዲሱን ቀን አሮጌው ከማለፉ በፊት አስገቡ፣ የቅንብሩን የመጨረሻ ቀንም አብራችሁ አራዝሙ፤ ጽሑፉ ተለውጦ Last day ባለበት ከቀረ ምላሹ በዚያው ሌሊት ይቆማል። የተወካዩንም ፈቃደኝነት እንደገና ጠይቁ፤ የተስማማው እስከ ማክሰኞ ነበር።